ተመልካች ከላይቫችሁ የወጣበትን ደቂቃ ፈልጎ ማግኘት

ብዙ ሰው ላይቩን እንደጨረሰ የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ስንት ሰው ደረሰ?» ይላል። 240 ከሆነ ደስ ብሎት ይተኛል፤ 90 ከሆነ ተከፍቶ ይተኛል። በሳምንቱ ተመልሶ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። ያ ቁጥር ምን እንደተሳሳተ አይናገርማ!

የሚናገሩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ። አንደኛው የተመልካች ጣሪያ ነው፤ በአንድ ቅጽበት አብረው ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ትልቁ ቁጥር። ሁለተኛው የቻት ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ ስንት መልእክት እንደገባ። ሦስተኛው ደግሞ ሰው በብዛት የወጣበት ደቂቃ ነው። ከታች ያለው አሠራር እነዚህን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ፣ ለቀጣዩ ላይቭ አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ነው።

ምሳሌዬ እኔና መካኒክ ጓደኛዬ እሁድ ማታ 3 ሰዓት በዩቲዩብ የምንሠራው የመኪና ጥያቄና መልስ ነው። 80 ደቂቃ ይቆያል። ለማስላት እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። በሌላ መድረክ የምትሠሩ ከሆነ የምትነኩት ቦታ ይለያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

## ደረጃ 1፦ ከላይቩ በፊት ማዘጋጀት

ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል።

1. ቁጥር የሚጽፍ ሰው። እናንተ መሆን የለባችሁም። እያወሩ ቁጥር መጻፍ አይቻልም፤ ሞክሬው ወይ ወሬዬ ተበላሸ፣ ወይ ቁጥሩ ቀረ። ወንድም፣ እህት፣ ጓደኛ ይሁን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል።

2. የፕሮግራም ቅደም ተከተል በደቂቃ። «ከ0 እስከ 5 ሰላምታ፣ ከ5 እስከ 15 የመጀመሪያ ጥያቄ» እያላችሁ ጻፉ። ላይቩ እንደዕቅዱ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ጸሐፊው እውነተኛውን ደቂቃ ከጎኑ ያሰፍራል።

3. የጋራ ዜሮ። ደቂቃ የሚቆጠረው ስርጭቱ ለሕዝብ ከተከፈተበት ቅጽበት ነው፣ እናንተ «እንደምን አመሻችሁ» ካላችሁበት አይደለም። ብዙዎች «በቅርቡ እንጀምራለን» የሚል ምስል ለአምስት ደቂቃ ያሳያሉ። እሱም ይቆጠራል። ሰው በዚያ ሰዓትም ገብቶ ይወጣል።

ከዚያ ሁለት ማስተካከያ አድርጉ። በዩቲዩብ የስርጭት መቆጣጠሪያ ገጽ፣ በ Live Control Room ውስጥ፣ Auto-stop የሚለውን አጥፉት። በርቶ ሳለ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ስርጭቱ ያለፈቃዳችሁ ሊዘጋ ይችላል። አዲስ ስትከፍቱ ቁጥሩ ለሁለት ቪዲዮ ይከፈላል።

ሁለተኛው የቻቱ ቅንብር ነው። Slow mode ካበራችሁ አንድ ሰው ከአንዱ መልእክት እስከ ሌላው መጠበቅ አለበት፣ ስለዚህ የቻት ፍጥነቱ ይወርዳል። ማብራት ነውር የለውም። ግን ባለፈው ሳምንት ጠፍቶ በዚህ ሳምንት ከበራ የሁለቱን ቻት አታወዳድሩ። በወረቀቱ አናት ላይ «ስሎው ሞድ፦ በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፉ።

## ደረጃ 2፦ ላይቩ እየሄደ መጻፍ

ጸሐፊው በየ5 ደቂቃው ሁለት ነገር ይጻፍ፦ በዚያ ቅጽበት ያለውን የተመልካች ቁጥርና በስክሪኑ ላይ እየሆነ ያለውን በአንድ ቃል። «ስፖንሰር»፣ «ስልክ ጥሪ»፣ «ካንዴላ ሲፈታ»። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ያልተለመደ ነገር ከተፈጠረ አምስት ደቂቃውን አይጠብቅ። ድምፅ ከተቆረጠ፣ መብራት ከጠፋ፣ አንድ ሰው ሊንኩን ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከለጠፈ ደቂቃውን ወዲያው ይጻፍ። የሊንኩ ነገር በተለይ እንዳይረሳ። ግራፉ ድንገት ሲወጣ በኋላ «ምን አሪፍ ነገር ተናግሬ ነው?» እያላችሁ ራሳችሁን እንዳታታልሉ።

ዩቲዩብ ራሱ ግራፍ እየሰጠ በእጅ መጻፍ ለምን? ግራፉ ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አያውቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ እናንተ አቅራቢዎቹ የተመልካቹን ቁጥር አትዩ። ቁጥሩ ሲወርድ ፊታችሁ ይቀያየራል፣ ወሬው ይፈጥናል። ስክሪኑን አዙሩት።

## ደረጃ 3፦ እንደተዘጋ ወዲያው

1. ስርጭቱን ስትዘጉ የሚመጣውን ማጠቃለያ በስክሪንሾት አስቀሩ።
2. OBS የሚባለውን የስርጭት ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት የStats መስኮቱን ክፈቱ። በኔትወርክ ምክንያት የጠፋ ፍሬም ስንት በመቶ እንደሆነ ጻፉ። በኋላ «ተመልካቹ ሰልችቶ ነው ወይስ ምስሉ ተቆራርጦበት?» ለሚለው ጥያቄ ምስክራችሁ ይሄ ነው።
3. ቪዲዮውን አትቁረጡት። መጀመሪያው ላይ ያለውን ባዶ አምስት ደቂቃ ለመቁረጥ እጃችሁ ይበላል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በዩቲዩብ ኤዲተር ከቆረጣችሁት የቻቱ ድጋሚ እይታ ይጠፋል። ደቂቃዎቹም ስለሚንሸራተቱ ከወረቀቱ ጋር አይገጥሙም። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ቁረጡ።

ከዚያ ተኙ። ሙሉው መረጃ ለመግባት አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። እሁድ ማታ የሠራችሁትን ረቡዕ አንብቡት።

## ደረጃ 4፦ ሠንጠረዡን መሥራት

YouTube Studio ክፈቱ። Content፣ ከዚያ Live፣ ከዚያ የቪዲዮው Analytics ውስጥ ግቡ። አብረው ያዩ ሰዎችን ግራፍ Engagement በሚለው ስር ፈልጉት። የጸሐፊውን ቁጥር ከግራፉ ጋር አመሳክሩ። ትንሽ ቢለያዩ ግራፉን እመኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በዚያው ገጽ ሌላም ወደ ታች የሚወርድ መስመር አለ፤ ተመልካች ቪዲዮውን እስከ የት እንዳየው የሚያሳይ። ላይቩ ካለቀ በኋላ ቅጂውን የሚያዩ ሰዎች ባህሪ ደግሞ ሌላ ነው። እነሱ ይዘላሉ፣ ያፈጥናሉ፣ የሚፈልጉትን ጥያቄ አይተው ይሄዳሉ። በላይቩ ሰዓት ሰው መቼ እንደወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ አብረው ያዩትን ሰዎች ግራፍ ያዙ።

አሁን ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት ክፈቱ። A ላይ ደቂቃ፣ B ላይ ተመልካች፣ C ላይ ባለፉት 5 ደቂቃዎች የገባ ቻት ይግባ። D ላይ ለውጡን በመቶኛ፣ E ላይ ቻቱን ለ100 ተመልካች አስሉ።

```
D3: =(B3-B2)/B2*100
E3: =C3/5/B3*100
```

ቻቱን ለ100 ተመልካች የምናደርገው ለምንድን ነው? 240 ሰው ባለበት በደቂቃ 10 መልእክትና 60 ሰው ባለበት 10 መልእክት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቤት ቀዝቅዟል፣ ሁለተኛው ጦፏል።

## ደረጃ 5፦ ቻቱን መቁጠር

80 ደቂቃ ሙሉ አትቁጠሩ፣ ያሰለቻል። መጀመሪያ D ላይ ከ15 በመቶ በላይ የወረደባቸውን ረድፎች ቀይ ቀቡ። ተመልካች የጨመረባቸውን ረድፎች አረንጓዴ ቀቡ። ቻት የምትቆጥሩት የተቀቡት ረድፎች ላይና ከእነሱ በፊት ባለው ረድፍ ብቻ ነው። እኛ ቤት ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስትቆጥሩ እነዚህን ጠብቁ።

- በቻቱ አናት ላይ ካሉት ሁለት ምርጫዎች Live chat replay የሚለውን ምረጡ። Top chat replay የሚለው አጣርቶ ነው የሚያሳየው፤ ቁጥራችሁ ይጎድላል።
- የራሳችሁን፣ የሞደሬተራችሁንና የማስታወቂያ ለጣፊውን መልእክት አትቁጠሩ።
- ቻት ሁልጊዜ ከንግግሩ ወደኋላ ይቀራል። ንግግራችሁ ተመልካቹ ጋ እስኪደርስ ሰከንዶች ያልፋሉ፣ እሱ እስኪጽፍ ደግሞ ሌላ ሰከንዶች። ስለዚህ ቻቱ በ41ኛው ደቂቃ ከጦፈ ምክንያቱን 40ኛው ደቂቃ ላይ ፈልጉ። ለተመልካች መውጣት ደግሞ እኔ ሁለት ደቂቃ ወደኋላ እመለሳለሁ። ሰው እንደሰለቸው ወዲያው አይወጣም፤ ትንሽ ይታገሣል።

የእኛ ሠንጠረዥ ዋና ዋና ረድፎች ይህን ይመስሉ ነበር።

| ደቂቃ | ተመልካች | የ5 ደቂቃ ቻት | ለውጥ በ% | ቻት በደቂቃ ለ100 ሰው |
|---|---|---|---|---|
| 15 | 240 | 96 | +9 | 8.0 |
| 20 | 170 | 45 | −29 | 5.3 |
| 35 | 175 | 30 | +9 | 3.4 |
| 40 | 190 | 28 | +9 | 2.9 |
| 45 | 185 | 50 | −3 | 5.4 |
| 50 | 120 | 85 | −35 | 14.2 |

## ደረጃ 6፦ ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ማንበብ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ተመልካቹንና ቻቱን ለየብቻ ካነበባችሁ ሁለቱም ይዋሻሉ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን እያንዳንዱ ጥምረት ሌላ ታሪክ አለው። የእኛን ሦስት ቦታዎች አንድ በአንድ ልውሰዳቸው።

ተመልካች ወረደ፣ ቻትም ወረደ (ከ15 እስከ 20)። ሰው ሲሰለቸው እንዲህ ነው የሚሆነው። አይከራከርም፣ አይሳደብም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ቪዲዮውን ከ13ኛው ደቂቃ ጀምሬ አየሁት። መጀመሪያ እኔ ከቻት ላይ ስም እየጠራሁ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ። ወዲያው ተከትሎ የመለዋወጫ ሱቅ ማስታወቂያ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ስሙ የተጠራ ሰው ደስ ይለዋል። ስማቸው ያልተጠራ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ግን መኪናቸው ለምን እንደሚያጨስ ሊሰሙ ነበር የመጡት።

ከወረቀቱ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ጸሐፊያችን 9ኛው ደቂቃ ላይ «ሊንክ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ» ብላ ጽፋለች። ስለዚህ የተመልካች ጣሪያው 15ኛው ደቂቃ ላይ የመጣው እኛ ጥሩ ስለሠራን አልነበረም። ከቴሌግራም አዲስ ሰዎች ገቡ፣ ሰላምታና ማስታወቂያ ላይ ደረሱ፣ ወጡ። ጣሪያችን የሸሹት ሰዎች ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

ተመልካች ጨመረ፣ ቻት ወረደ (ከ30 እስከ 40)። ይህን ብዙዎች እንደ ውድቀት ያነቡታል። «ቻቱ ቀዘቀዘ፣ ይህን ክፍል እናውጣው» ይላሉ። እኛም ለጥቂት ልናወጣው ነበር። ቪዲዮውን ስናየው ጓደኛዬ የአንዲት ቪትዝ ካንዴላ አንድ በአንድ እየፈታ ጫፋቸውን ለካሜራ ያሳያል። አንዱ ጥላሸት ለብሷል፣ ሌላው ደርቆ ነጥቷል። ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። እጁ ስልኩን ይዟል፣ ዓይኑ ካንዴላው ላይ ነው፤ በየትኛው ጣቱ ይጻፍ? የላይቩ ምርጥ አሥር ደቂቃ እሱ ነበር።

ተመልካች ወረደ፣ ቻት ዘለለ (ከ45 እስከ 50)። እዚህ የሆነ ነገር ተሰብሯል፣ ወይም ጠብ ተነስቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መቁጠሩን ትታችሁ መልእክቶቹን አንብቡ። የእኛው «ድምፅ የለም»፣ «ለእኔ ብቻ ነው?»፣ «ተቆረጠ» ነበር። OBS ላይ የጻፍነው የጠፋ ፍሬም ያንኑ መሰከረ። ወሬው ምንም አልጎደለውም፣ ኢንተርኔቱ ነው የጎደለው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ቢመለስም ተመልካቹ 120ን አልፎ አልተመለሰም። አንዴ የተቆረጠበት ሰው ሌላ ቪዲዮ ከፍቷል።

አንድ ጥንቃቄ። ተመልካች በፍጥነት በሚወርድበት ረድፍ ላይ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ማካፈል ቻቱን ያጋንነዋል። ከተጠራጠራችሁ በሁለቱ ረድፎች አማካይ አካፍሉ። 185ና 120 አማካያቸው 152 ተኩል ነው፤ ቻቱ ለ100 ሰው ወደ 11 ይወርዳል። አሁንም ከቀድሞው እጥፍ ስለሆነ ትርጉሙ አልተቀየረም።

ተመልካች በማይንቀሳቀስበት ጊዜ ቻት ብቻውን ከወረደ ምንም አታድርጉ። እንግዳው ረጅም ታሪክ እያወራ ይሆናል። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚወርደውንም እርሱት። «ደህና ሁኑ» ሲባል ሰው ይነሣል።

## ደረጃ 7፦ ግራፉ የሚደብቀውን ማስላት

ግራፉ የሚያሳየው የገባው ሲደመር፣ የወጣው ሲቀነስ የቀረውን ነው። በአንድ ደቂቃ 30 ሰው ወጥቶ 30 ሌላ ከገባ መስመሩ አይንቀሳቀስም። እናንተ «ተረጋግቷል» ትላላችሁ፤ እውነቱ ግን ቤቱ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ እየተቀያየረ ነው።

ይህን የምታጋልጠው ቀላል ሒሳብ ናት።

1. በየ5 ደቂቃው የጻፋችሁትን የተመልካች ቁጥር ሁሉ ደምሩና ለረድፉ ብዛት አካፍሉ። የእኛ 17 ረድፍ ድምር 2,422 ነበር፤ አማካዩ 142 ሰው።
2. አማካዩን በላይቩ ርዝመት አባዙ። 142 በ80 ሲባዛ 11,360 የታየ ደቂቃ።
3. ያንን በላይቩ ሰዓት ለተቆጠረው እይታ አካፍሉ። የእኛ 1,420 ነበር። ውጤቱ 8 ደቂቃ።

የ80 ደቂቃ ላይቭ፤ አንዱ እይታ በአማካይ 8 ደቂቃ። ቤቱ አሥር ጊዜ ተሞልቶ አሥር ጊዜ ተራግፏል እንደማለት ነው። እይታ ማለት ሰው ማለት እንዳልሆነ አስታውሱ፤ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ሦስት ጊዜ የገባ ሰው ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ 8 ደቂቃውን እንደ ልክ ሳይሆን እንደ ግምት ያዙት። በተለይ መቆራረጥ ባለበት ማታ።

ግምት ቢሆንም ምን እንደሚደረግ ይነግራል። 33ኛው ደቂቃ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ 20ኛው ላይ አልነበሩም። ስለዚህ በየ8 ደቂቃው ገደማ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገሙት፦ «አሁን የምናየው ጠዋት ጠዋት አልነሣ የምትል ቪትዝ ነው።» በስክሪኑ ግርጌም ያንኑ ጻፉ። ከመጀመሪያው ያለውን ሰው አይረብሸውም፤ አሁን የገባው ግን የት እንደደረሰ ያውቃል።

## ደረጃ 8፦ ለቀጣዩ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ

አሁን የምትለውጡት ብዙ ነገር ይታያችኋል። አንዱን ምረጡ። አምስቱን አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ መቼም አታውቁም።

የተበላሸን ዕቃ መጠገን ከዚህ ቁጥር አይገባም፤ እሱ ግዴታ ነው። እኛ የምስሉን ጥራት ወደ 720p አወረድነው፣ ቢትሬቱንም፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከውን የመረጃ መጠን፣ ከ4500 ወደ 2500 ኪሎቢት ዝቅ አደረግን። የምከተለው ልክ ቀላል ነው፦ ላይቩ በሚሠራበት ሰዓትና ክፍል የአፕሎድ ፍጥነቱን ለኩ፤ ቢትሬታችሁ ከዚያ ግማሽ አይብለጥ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ለክታችሁ ማታ 3 ሰዓት አትተማመኑበት። የስልክ ሆትስፖትም ለመጠባበቂያ አዘጋጁ፤ ጥቅሉ መሞላቱን አስቀድማችሁ እዩ።

ሙከራውን ግን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ በቁጥር። የእኛ እንዲህ ነበር፦ «ከ10 እስከ 20ኛው ደቂቃ ስም መጥራትና ማስታወቂያ የለም፤ አንድ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ማስታወቂያው 40 ሰከንድ ይሆንና ካንዴላ ከመፈታቱ በፊት ይገባል፣ መኪናው በስክሪኑ ላይ ሆኖ። በዚያ ቦታ የነበረው የ29 በመቶ መውረድ ከ15 በታች መሆን አለበት።»

ማስታወቂያውን ለምን እዚያ አደረግነው? ከፊቱ ሰው የሚጠብቀው ነገር ስላለ ነው። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ መፍቻው በእጅ ነው። 40 ሰከንድ ይታገሣል። ስፖንሰሩ መጀመሪያ ቅር አለው፤ «ብዙ ሰው ባለበት 15ኛው ደቂቃ ነው የምፈልገው» አለ። ሠንጠረዡን አሳየነውና በማስታወቂያው ጊዜ 70 ሰው እንደወጣ አየ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

## ደረጃ 9፦ በሳምንቱ ማወዳደር

በሚቀጥለው እሁድ የተመልካች ጣሪያችን 225 ሆነ። ካለፈው በ15 ሰው ያነሰ። ጣሪያውን ብቻ የሚያይ ሰው «ወርደናል» ይል ነበር። 20ኛው ደቂቃ ላይ ግን 200 ሰው ነበር፤ መውረዱ 11 በመቶ ብቻ። አማካዩም ከ142 ወደ 161 ወጣ።

እዚህ ላይ ራሳችሁን አትሸንግሉ። አማካዩ የወጣው በሙከራችን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ማታ ኢንተርኔቱ አልተቆረጠም። ለሙከራው የምትሰጡት ውጤት ሙከራው በተደረገበት ቦታ የታየውን ብቻ ነው፤ በእኛ ከ15 እስከ 20ኛው ደቂቃ። ሌላ ሁለት ሳምንት ደግማችሁ አንድ ዓይነት ከሆነ ያኔ ቋሚ አድርጉት።

ስታወዳድሩ ሰዓቱንም አስቡ። ውጭ አገር ተመልካች ካላችሁ ግራፉ ያለ እናንተ ጥፋት ይንቀሳቀሳል። የእኛ ማታ 3 ሰዓት በዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች በኅዳር አካባቢ ሰዓታቸውን ሲመልሱ 7 ሰዓት ይሆናል። የእሁድ 7 ሰዓት ላይ ብዙው ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው፣ ወይም ምሳ ላይ ነው። እስራኤል በበጋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፤ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሪያድ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሰዓት የተቀየረበትን ሳምንት፣ የበዓል ዋዜማንና ትልቅ የኳስ ጨዋታ ያለበትን ማታ በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከማወዳደሪያውም አውጧቸው።

## ነገሩ ሲበላሽ

ላይቩ ተቆርጦ ሁለት ቪዲዮ ከሆነ። ሁለቱን ጣሪያዎች አትደምሩ። ያው ሰው ነው ሁለቱም ላይ ያለው። ትልቁን ያዙ። አማካዩን ደግሞ በርዝመት መዝኑት፦ የመጀመሪያው 50 ደቂቃ በ160 ሰው፣ ሁለተኛው 30 ደቂቃ በ80 ሰው ከሆነ፣ 8,000 ሲደመር 2,400፣ ለ80 ሲካፈል 130 ነው።

ቻቱ በድጋሚ ካልታየ። ቪዲዮው ተቆርጦ እንደሆነ፣ ወይም የቻት ድጋሚ እይታው በቅንብሩ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። ከተቆረጠ ለዚህ ሳምንት በጸሐፊው ወረቀት ብቻ ሥሩ።

ተመልካቻችሁ ከ50 በታች ከሆነ። የ15 በመቶውን ሕግ እንዳለ አትውሰዱት። 20 ሰው ባለበት ሦስት ሰው ቢወጣ 15 በመቶ ነው፤ የአንድ ቤት ሰዎች ራት ቀርቦላቸው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 10 ሰው አንድ ላይ ካልወጣ ቀይ አትቀቡ። በዚህ ቁጥር ላይ የአንድ ማታ ግራፍ ምንም አይናገርም። የአራት ሳምንት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና በአራቱም ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚወርድ ካለ እሱን ብቻ ያዙ።

ተመልካች ወረደ፣ ቪዲዮው ላይ ግን ምንም ጥፋት ካልታየ። ድምፁን ዘግታችሁ አንዴ እዩት፣ ከዚያ ምስሉን ዘግታችሁ አንዴ ስሙት። እኛ አንዴ 28ኛው ደቂቃ ላይ 40 ሰው የወጣበትን ምክንያት ሁለት ቀን ፈልገን አጣነው። በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማው ጓደኛዬ ማይኩን ከኮቱ ሥር አድርጎት፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ከረጢት ይንኮሻኮሽ ነበር። እኛ ክፍሉ ውስጥ ስለነበርን አልሰማነውም። በማግስቱ ማይኩን የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ አሰርነው።